«በእጅ 20,000» ብሎ ቃል ለገባ አሠሪ፦ ከተጣራው ወደ ጥቅል ደመወዝ የትኛው መንገድ ያደርሳል?

ቃለ መጠይቁ አልቋል። ሥራ አስኪያጁ ሰውየውን ወዶታል። «በእጅህ 20,000 ብር ይገባል» ብሎት ተጨባብጠዋል። ጉዳዩ ከዚያ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሄዳል፤ ጥያቄውም እዚያ ይመጣል። ውሉ ላይ ስንት ይጻፍ? በጀት ላይስ ስንት ይያዝ?

ደመወዝ ስንሠራ የለመድነው ከላይ ወደ ታች ነው። ግሮሱ ይታወቃል፣ ግብርና ጡረታ ይቀነሳል፣ የተረፈው ኔት ይባላል። እዚህ ግን የምናውቀው መጨረሻውን ነው። መነሻውን ፈልገን ማግኘት አለብን። ይህንን በአራት መንገድ ሲሠሩ አያለሁ። ሁለቱ የተሳሳተ ቁጥር ይሰጣሉ፣ ሁለቱ ትክክለኛውን። ከትክክለኞቹም የትኛው ለየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚስማማ መለየት ያስፈልጋል። ሁሉንም በዚሁ በ20,000 ብር ላይ እንፈትናቸው።

መጀመሪያ ሕጉ የሚቀንሰውን እንያዝ

በግል ድርጅት የተቀጠረ ሠራተኛ ላይ በሕግ የሚቀነሱ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ ከመቀጠር የሚገኝ ገቢ ግብር ነው። የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ከተሻሻለ ወዲህ፣ ማለትም ከሐምሌ 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የወር ሰንጠረዡ ይህ ነው፦

| የወር ገቢ (ብር) | መጣኔ | ተቀናሽ (ብር) |
|---|---|---|
| እስከ 2,000 | 0% | 0 |
| 2,001 – 4,000 | 15% | 300 |
| 4,001 – 7,000 | 20% | 500 |
| 7,001 – 10,000 | 25% | 850 |
| 10,001 – 14,000 | 30% | 1,350 |
| ከ14,000 በላይ | 35% | 2,050 |

አጠቃቀሙን ታውቁታላችሁ። ጠቅላላ ገቢውን በመጣኔው አባዝቶ ተቀናሹን መቀነስ ነው። ተቀናሹ የተቀመጠው የታችኞቹ እርከኖች በዝቅተኛ መጣኔ ስለሚታሰቡ ነው። ይህችን ነጥብ ያዙልኝ፤ ትልቁ ስህተት የሚፈጠረው እሷ ስትረሳ ነው።

ሁለተኛው የጡረታ መዋጮ ነው። ሠራተኛው ከመሠረታዊ ደመወዙ 7 በመቶ ይቆረጥበታል። አሠሪው ደግሞ ከራሱ 11 በመቶ ይጨምራል። የሠራተኛው 7 በመቶ ግብሩ ከመታሰቡ በፊት አይቀነስም። ግብሩ የሚታሰበው በሙሉ ደመወዙ ላይ ነው፣ ጡረታውም እንዲሁ፤ ከዚያ ሁለቱም ይቀነሳሉ። አንዳንድ ከውጭ የመጣ ሶፍትዌር ጡረታውን አስቀድሞ ቀንሶ በቀሪው ላይ ግብር ያስባል። ይህ እዚህ አገር አይሠራም። ፔይሮላችሁ እንዲህ ከሆነ ግብሩ ሲያንስ ታዩታላችሁ።

የአሠሪው 11 በመቶ ከሠራተኛው ኔት ላይ ምንም አይነካም። ከበጀቱ ግን ይወጣል። ስለዚህ የምንፈልገው ሁለት ቁጥር ነው፤ ውሉ ላይ የሚጻፈው ጥቅል ደመወዝ እና ከድርጅቱ ኪስ የሚወጣው ጠቅላላ ወጪ።

አንደኛው መንገድ፦ በ20,000 ላይ ግብሩን አስልቶ መደመር

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ይህንን ነው። የ20,000 ብር ግብር 7,000 ሲቀነስ 2,050፣ ማለትም 4,950 ብር ነው። ጡረታው 1,400 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 6,350። «እንግዲያው ግሮሱ 26,350 ነው» ይባልና ይታለፋል።

አሁን 26,350ን ወደ ታች እንሥራው። ግብሩ 7,172.50 ብር ይሆናል። ጡረታው 1,844.50። በእጅ የሚገባው 17,333 ብር ነው። ሠራተኛው ከተነገረው 2,667 ብር ጎደለበት። የመጀመሪያው ወር መጨረሻ ላይ ጠብ የሚነሳው በዚህ ነው፤ አሠሪው «ግብርህን ጨምሬልሃለሁ» ይላል፣ ሠራተኛው «20,000 ብለኸኝ ነበር» ይላል።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የጨመርናት 6,350 ብር ራሷ ደመወዝ ሆናለች። እሷም ግብርና ጡረታ ይቆረጥባታል። የገቢ ግብር አዋጁም በዚህ ላይ አያሻማም። አሠሪው የሠራተኛውን ግብር ከራሱ ኪስ ከከፈለ የከፈለው ግብር በሠራተኛው ገቢ ላይ ተደምሮ ይታሰባል። «ግብሩን እኛ እንችላለን፣ ደመወዙ 20,000 ነው» ብሎ 20,000 ላይ ብቻ ግብር አስታውቆ መክፈል ታዲያ ሠራተኛውን ያስደስት ይሆናል፤ ኦዲት ሲመጣ ግን የጎደለው ግብር ከነቅጣቱና ከነወለዱ አሠሪው ላይ ያርፋል። ቀንሶ የማስገባት ግዴታው የእሱ ነውና።

ስለዚህ ይህ መንገድ አይመረጥም። ለግምት እንኳን አይሆንም፤ ሁልጊዜ የሚያጎድለው ወደ አንድ ጎን ነው።

ሁለተኛው መንገድ፦ በመቶኛ ማካፈል

ትንሽ ያወቀ ሰው ወደዚህ ይመጣል። 35 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ 42 በመቶ ነው። ለሠራተኛው የሚቀረው 58 በመቶ። ስለዚህ 20,000ን ለ0.58 እናካፍል፤ 34,482.76 ብር።

ሐሳቡ ወደ ትክክሉ ቀርቧል፤ የጎደለው ተቀናሹ ነው። ይህን ግሮስ ወደ ታች ብትሠሩት በእጅ የሚገባው 22,050 ብር ሆኖ ታገኙታላችሁ። ትርፉ ልክ 2,050 ነው፤ ሰንጠረዡ ላይ ያለው የመጨረሻው ተቀናሽ። ማካፈሉ የመጀመሪያዎቹ 14,000 ብርም በ35 በመቶ እንደሚታሰቡ አድርጎ ስለወሰደ ነው።

እዚህ ሠራተኛው አያማርርም፤ ስለዚህ ስህተቱ ለብዙ ጊዜ ሳይታይ ይቆያል። ድርጅቱ ግን በወር 3,534 ብር ያለአግባብ ጨምሮ ጽፏል። በዚያ ላይ 11 በመቶ የአሠሪ ጡረታ አለ። ለአንድ ሰው በወር 3,923 ብር ገደማ ይደርሳል። አሥር ሰው እንዲህ ከተቀጠረ በዓመት ከ470,000 ብር በላይ ነው። የተፈረመ ደመወዝ ደግሞ በኋላ «ተሳስተን ነው» ተብሎ የሚቀነስ ነገር አይደለም።

የዚህ ዘመድ የሆነ ሌላ ልማድም አለ። ሌላ ሠራተኛ ላይ የተቆረጠውን መቶኛ ማየትና ለአዲሱ መጠቀም ነው። ደመወዛቸው እኩል ካልሆነ መቶኛቸውም እኩል አይሆንም፤ ተራማጅ ግብር ነውና።

ሦስተኛው መንገድ፦ እየሞከሩ መጠጋት

ወደ ትክክለኞቹ ገባን። የመጀመሪያውን መንገድ አንድ ጊዜ ብቻ ሠርቶ ከመተው መደጋገም ይቻላል። 26,350 ላይ የሚቀነሰውን አስልተን 20,000 ላይ እንደምረው፤ 29,017 ይሆናል። በ29,017 ላይ እንደገና፤ 30,137። ከዚያ 30,608። ከዚያ 30,805። እየቀረበ ነው፣ ግን እየዘገየ። በእያንዳንዱ ዙር ከነበረው ክፍተት 42 በመቶው ይቀራል። ከአንድ ብር በታች ለመድረስ ወደ አሥራ አንድ ዙር ያስፈልጋል። በእጅ የሚሠራ ሰው ይሰለቻል፤ አምስተኛው ዙር ላይ «ይበቃል» ብሎ ያቆማል። ያኔ ግሮሱ ገና 143 ብር ይጎድለዋል።

ኤክሴል ይህንን በአንድ ጊዜ ይሠራዋል። አንድ ሴል ላይ ግሮሱን፣ ቀጥሎ ግብሩን፣ ቀጥሎ ጡረታውን፣ መጨረሻ ላይ ኔቱን የሚያወጣ ሒሳብ ታዘጋጃላችሁ። ግሮሱ B1፣ ኔቱ B4 ላይ ነው እንበል። ከዚያ Data፣ What-If Analysis፣ Goal Seek ትከፍታላችሁ። Set cell ላይ B4፣ To value ላይ 20000፣ By changing cell ላይ B1። OK ስትሉ B1 ላይ 30,948.28 ይመጣል።

ትክክለኛው መልስ ይህ ነው። ግብሩ 8,781.90፣ ጡረታው 2,166.38፤ በእጅ የሚገባው 20,000 ድፍን።

የዚህ መንገድ ድክመቱ ሌላ ነው። Goal Seek የሚሠራው ለአንድ ሰው፣ በአንድ ጊዜ ነው። To value የሚለው ላይ ቁጥሩን በእጅ መጻፍ አለባችሁ፤ ከሌላ ሴል አይወስድም። ያገኘውንም እንደ ደረቅ ቁጥር አስቀምጦ ይሄዳል። ነገ አበል ቢጨመር ወይም ሰንጠረዡ ቢሻሻል B1 አይንቀሳቀስም፤ ኔቱ ብቻ ሳታውቁት ይለወጣል። ሠላሳ ሠራተኛ ያለው ድርጅት ሠላሳ ጊዜ መሥራት አለበት፤ ከሠላሳው አንዱን ደግሞ ሰው ይረሳል።

አራተኛው መንገድ፦ ሒሳቡን መገልበጥ

እኔ ለአብዛኛው ድርጅት የምመርጠው ይህንን ነው። ከ14,000 በላይ ባለው እርከን ኔቱ ማለት የግሮሱ 58 በመቶ ሲደመር 2,050 ነው። ስለዚህ ወደ ኋላ ስንሄድ መጀመሪያ 2,050ን እንቀንሳለን፤ ከዚያ ለ0.58 እናካፍላለን። 20,000 ሲቀነስ 2,050፣ 17,950 ነው። ለ0.58 ሲካፈል 30,948.28። መሞከር አያስፈልግም። የሁለተኛው መንገድ የጎደለው ይቺ አንዲት መቀነስ ነበረች።

ሌሎቹም እርከኖች እንደዚሁ ይገለበጣሉ። ተቀናሹ 1,350 ከሆነ አካፋዩ 0.63 ነው። 850 ከሆነ 0.68፣ 500 ከሆነ 0.73፣ 300 ከሆነ 0.78። ግብር የሌለበት እርከን ላይ ጡረታ ብቻ ስላለ 0.93።

አንድ ወጥመድ አለ፤ እርከኑን መምረጥ። ለምሳሌ ቃል የተገባው 9,000 ብር ነው እንበል። ሰንጠረዡን ሲያዩ 9,000 ያለው ከ7,001 እስከ 10,000 ባለው ነው። ስለዚህ 850 ተቀንሶ ለ0.68 ይካፈላል፤ 11,985.29 ይመጣል። ግን ይህ መልስ ራሱ ከ10,000 በላይ ነው፤ የወጣበት እርከን ውስጥ የለም። ሰንጠረዡ የሚናገረው ስለ ግሮስ ነው፤ እኛ ይዘን የገባነው ኔት ነው። በትክክለኛው እርከን 1,350 ቀንሰን ለ0.63 ስናካፍል 12,142.86 ነው። በተሳሳተው ብንጽፍ ሠራተኛው በየወሩ 99 ብር ገደማ ይጎድልበታል። ትንሽ ስለሆነች ማንም አይቶ አያርማትም።

ማረጋገጫው ቀላል ነው። ያገኛችሁት ግሮስ የተጠቀማችሁበት እርከን ውስጥ ይወድቃል? ካልወደቀ እርከኑ ተሳስቷል።

ኤክሴል ላይ ግን እርከን መምረጥ ጨርሶ አያስፈልግም። ስድስቱንም አስልቶ ትልቁን መውሰድ ነው፤ ትልቁ ሁልጊዜ ትክክለኛው ነው። ምክንያቱም መጣኔው እርከን በወጣ ቁጥር ስለሚጨምር የተሳሳተ እርከን ሁልጊዜ ግሮሱን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወጣው። ኔቱ A2 ላይ ከሆነ፦

```
=MAX(A2/0.93,(A2-300)/0.78,(A2-500)/0.73,
 (A2-850)/0.68,(A2-1350)/0.63,(A2-2050)/0.58)
```

ይህ ቀመር ወደ ታች ይጎተታል፤ ለሠላሳም ለሦስት መቶም ሰው ይሠራል። ኔቱን ስትቀይሩ ግሮሱ አብሮ ይቀየራል። አጠገቡ ደግሞ ወደ ታች የሚሠራ ማረጋገጫ አስቀምጡ፤ ግሮሱ B2 ላይ ከሆነ ይህ ኔቱን መልሶ ያወጣል፦

```
=B2*0.93-MAX(0,B2*0.15-300,B2*0.2-500,
 B2*0.25-850,B2*0.3-1350,B2*0.35-2050)
```

ሁለቱ ካልተገናኙ የሆነ ቁጥር ተሳስቶ ተጽፏል። ሳንቲም ለማስቀረት ግሮሱን ወደ ላይ አጠጋጉት። 30,949 ብትጽፉ በእጅ 20,000.42 ይገባል፤ ከቃል በታች አትወድቁም።

ቀመሩ የማይበቃበት ቦታ

ከላይ ያለው ሁሉ የሚሠራው ደመወዙ በሙሉ መሠረታዊ ደመወዝ ሲሆን ነው። አበል ሲገባ ነገሩ ይለወጣል።

ግብር የሚከፈልበት አበል፣ ለምሳሌ በጥሬ ገንዘብ የሚሰጥ የቤት አበል፣ ግብር አለበት፤ ጡረታ ግን የለበትም። ስለዚህ በ35 በመቶ እርከን ላይ ከእያንዳንዱ የአበል ብር 65 ሳንቲም በእጅ ይገባል፤ ከመሠረታዊ ደመወዙ ግን 58 ሳንቲም። ከጠቅላላ ክፍያው 30 በመቶው አበል ይሁን ብንል፣ ለ20,000 ኔት የሚያስፈልገው 29,866.89 ብር ነው። ከዚህ ውስጥ መሠረታዊ ደመወዙ 20,906.82 ነው። የአሠሪው ጡረታም ስለሚቀንስ ጠቅላላ ወጪው 32,166.64 ብር ይሆናል። ሁሉም መሠረታዊ ቢሆን 34,352.59 ነበር።

በወር ወደ 2,186 ብር ቀነሰ ማለት ነው። አሠሪዎች አበል የሚወዱት ለዚህ ነው። ግን ይህ ገንዘብ ከየትም አልመጣም። አብዛኛው የሠራተኛው ጡረታ ነው። በየወሩ ለሱ ስም የሚገባው መዋጮ አነስተኛ ይሆናል፤ ጡረታ ሲወጣ የሚታሰብለት ደመወዝም እንዲሁ። ሁለቱ ቅጥሮች ዛሬ በእጅ 20,000 ቢሰጡም እኩል አይደሉም። ለሠራተኛው ይህን ፊት ለፊት መንገር ያስፈልጋል።

በሕግ ከግብር ነፃ የሆነ ክፍያ ሲኖር ደግሞ ቅደም ተከተሉ ይለያል። ነፃ የሆነውን መጀመሪያ ከተገባው ቃል ላይ ቀንሱ፤ ከዚያ ቀመሩን በቀሪው ላይ ሥሩ። በመመሪያው ጣሪያ ውስጥ የሚገባ 2,000 ብር የትራንስፖርት አበል አለ እንበል። ከ20,000 ሲቀነስ 18,000 ይቀራል። በቀመሩ ግሮሱ 27,500 ድፍን ይወጣል። 2,000 ሲጨመር 29,500፣ የአሠሪ ጡረታ 3,025 ሲጨመር 32,525 ብር። ብዙ ሰው ተገልብጦበት መጀመሪያ ግሮሱን ያወጣና መጨረሻ ላይ 2,000ውን ይቀንሳል። አይሆንም፤ ነፃው ብር ግብር ስለማይቆረጥበት ከኔቱ ነው እንጂ ከግሮሱ አይቀነስም።

ነፃ የሚሆነው መጠን «ከደመወዙ ይህን ያህል እጅ» ተብሎ ሲወሰን ግን መልሱ ራሱ ጥያቄው ውስጥ ይገባል። ደመወዙን ሳናውቅ ነፃውን አናውቅም፤ ነፃውን ሳናውቅ ደመወዙን አናወጣም። እንዲህ ዓይነት የተወሳሰበ አከፋፈል ላይ ቀመር ከመፍጠር ወደ ሦስተኛው መንገድ መመለስ ይሻላል። Goal Seek ጥሩ የሚሆነው እዚህ ነው፤ ወደ ታች የሚሠራው ሒሳብ ትክክል ከሆነ ምንም ያህል የተወሳሰበ ይሁን ወደ ኋላ ይሄድላችኋል።

በጡረታ አዋጁ የማይሸፈን ሠራተኛም አለ፤ ለምሳሌ ትውልደ ኢትዮጵያዊ ያልሆነ የውጭ ዜጋ። ለሱ 7 በመቶው ስለሌለ አካፋዩ 0.65 ይሆናል። 17,950 ለ0.65፣ 27,615.38 ብር። የአሠሪ 11 በመቶም የለም።

በጀቱ ላይ የሚያዘው

ወደ መጀመሪያው ሰውዬ እንመለስ። ሁሉም መሠረታዊ ደመወዝ ነው ካልን፣ ግሮሱ 30,948.28፣ የአሠሪው ጡረታ 3,404.31፣ በወር የሚወጣው 34,352.59 ብር ነው። በዓመት 412,231 ብር። «ሃያ ሺህ ብር» የተባለው ደመወዝ 240,000 ብቻ ተይዞለት ከሆነ ዓመቱ ከማለቁ ከአምስት ወር በፊት በጀቱ ያልቃል።

ለጭማሪ ድርድር ደግሞ አንድ ቁጥር በቃል መያዝ ይበቃል። በ35 በመቶ እርከን ላይ ያለ ሠራተኛ በእጁ 1,000 ብር እንዲጨመርለት ግሮሱ 1,724 ብር መጨመር አለበት። የአሠሪው ጡረታ ሲታከልበት 1,914 ብር። «አንድ ሺህ ብር ብቻ ጨምርለት» የሚል ሥራ አስኪያጅ ወደ ሁለት ሺህ ብር እያዘዘ ነው።

ውሉ ላይ ግሮስ ይጻፍ ወይስ ኔት?

ሒሳቡ ከተሠራ በኋላ የሚቀረው ምርጫ ይህ ነው፤ እንደ እኔ ከሒሳቡም ይበልጣል። ሁለቱም ውሎች የመጀመሪያው ወር ላይ አንድ ናቸው። የሚለያዩት አንድ ነገር ሲለወጥ ነው።

ሰንጠረዡ ሲሻሻል የሆነውን እዩ። በቀድሞው ሰንጠረዥ ከፍተኛው እርከን የሚጀምረው ከ10,900 ብር ነበር፤ ተቀናሹም 1,500። ያኔ ለ20,000 ኔት የሚያስፈልገው ግሮስ 31,896.55 ነበር። ውሉ ላይ ግሮሱ የተጻፈ ከሆነ፣ ከሐምሌ 2017 ጀምሮ ሠራተኛው በእጁ 20,550 ብር ማግኘት ጀመረ። 550ው ብር የሱ ሆነ። ውሉ ላይ «የተጣራ 20,000» ተብሎ ከነበረ ግን ሠራተኛው በዚያው 20,000 ላይ ቆየ፤ ግሮሱ ወደ 30,948.28 ወረደ፤ ቅናሹን አሠሪው ወሰደው። መንግሥት ለሠራተኛው ያቀለለው ግብር ለድርጅቱ ገባ ማለት ነው። ግብር ቢጨምር ደግሞ በተቃራኒው ሸክሙ አሠሪው ላይ ይወድቃል። የጡረታው መጣኔ ቢለወጥም እንዲሁ።

ወር ሳይሞላ የተቀጠረ ሰው ላይም ልዩነት ይመጣል። ሰውየው በወሩ አጋማሽ ጀመረ። ግሮስ ውል ከሆነ ግማሹ 15,474.14 ነው። ገቢው ስላነሰ ግብሩም ይቀላል፤ በእጅ 11,025 ብር ይገባል። ኔት ውል ከሆነ ግማሹ 10,000 ነው፤ ግሮሱ በቀመሩ 13,730.16 ይሆናል። አንድ ሰው፣ አንድ ደመወዝ፣ የ1,025 ብር ልዩነት።

ከዚህም በላይ ኔት ውል ላይ ሌሎች ተቀናሾች ጥያቄ ያስነሳሉ። ሠራተኛው የዩኒቨርሲቲ ወጪ መጋራት ካለበት፣ ወይም ከድርጅቱ ብድር ከወሰደ፣ ወይም የቁጠባ ማኅበር ካለው፣ 20,000 የሚባለው ከነዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ውሉ ዝም ካለ ሠራተኛው «በኋላ» ብሎ ቢከራከር አይገርምም። እነዚህ የግሉ ዕዳዎች ናቸው፤ አሠሪው ሊሸከማቸው አስቦ አያውቅም።

ስለዚህ የኔ ምርጫ ግሮስ ውል ነው። ቃሉን በኔት ስጡ፤ ሰው የሚኖረው በእጁ በሚገባው ስለሆነ ንግግሩ በዚያ ቢሆን ነውር የለውም። ከዚያ በቀመሩ ወደ ላይ ሥሩና ግሮሱን ጻፉ። ኔት ውል ትርጉም የሚሰጠው አሠሪው የግብር ለውጥን ሸክም አውቆ ሲወስድ ነው፤ ለምሳሌ ከውጭ አገር የሚመጣ ባለሙያ የአገሩን የተጣራ ክፍያ እንደማይነካበት ዋስትና ሲፈልግ። እንዲህ ከሆነ ደግሞ የግብር ለውጥ ሲመጣ ወደ ታችም ወደ ላይም ማን እንደሚሸከም በውሉ ውስጥ በግልጽ ይጻፍ።

ለኛ ሰውዬ ውሉ ላይ የሚገባው አንቀጽ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «የሠራተኛው መሠረታዊ ደመወዝ በወር ብር 30,949 (ሠላሳ ሺህ ዘጠኝ መቶ አርባ ዘጠኝ) ሲሆን፣ ከዚህ ላይ በሕግ የተወሰነው የገቢ ግብርና የሠራተኛው የጡረታ መዋጮ ይቀነሳል። ውሉ በተፈረመበት ቀን በሥራ ላይ ባለው የግብርና የጡረታ መጣኔ መሠረት ከነዚህ ሁለት ተቀናሾች በኋላ የሚቀረው ብር 20,000.42 ነው። የወጪ መጋራት፣ ብድርና ሌሎች የሠራተኛው የግል ግዴታዎች ከዚህ ላይ ይቀነሳሉ።»